ፍሎረሰንቱ ብልጭ ድርግም ሲል ጥፋቱ የማን ነው?

ፍሎረሰንት ሲያስቸግር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባለሙያ ይሆናል። አንዱ "ስታርተሩ ነው" ይላል። ሌላው "ባላስቱ ተቃጥሏል" ብሎ ይደመድማል። ሱቅ ሲኬድ ደግሞ ባለሱቁ አምፖሉን፣ ስታርተሩንና ባላስቱን ሦስቱንም ቆጥሮ ይሰጣል። መብራቱ ይበራል፣ ግን የትኛው እንደተበላሸ ማንም አያውቅም። ደህና የነበሩት ሁለት ዕቃዎች ቆሻሻ ውስጥ ይገባሉ።

ይህ ሁሉ ወጪ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። መብራቱ የት ጋ እንደታመመ ራሱ ያሳያል። ማየት የሚያስፈልገው ሁለቱን ጫፎቹን ነው። ማብሪያው ሲነካ ጫፎቹ ይቀላሉ ወይ? ጠቁረዋል ወይ? ሁለቱም እኩል ናቸው ወይ? ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ተነስቶ ከአምፖሉ፣ ከስታርተሩና ከባላስቱ ጥፋተኛውን መለየት ይቻላል።

እዚህ የማወራው ስለ ተለመደው ዓይነት ነው። ረጅም የመስታወት አምፖል፣ በጎኑ እንደ ክዳን የሚሽከረከር ትንሽ ስታርተር፣ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ ደግሞ ከባድ የብረት ባላስት ያለበት። ስታርተር የሌለው ዓይነትም አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች የሚሆነው

በአምፖሉ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት እግሮች አሉ። እግሮቹን ከውስጥ የሚያገናኛቸው ቀጭን የተጠመዘዘ ሽቦ ነው፤ ፊላመንት ይባላል። ፊላመንቱ ላይ ሲሞቅ ኤሌክትሮን የሚለቅ ቅባት አለ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ግን ምንም ሽቦ የለም። መሃሉ ጋዝና ጥቂት የሜርኩሪ ትነት ብቻ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በጋዙ ውስጥ መሻገር አለበት።

በቤታችን ያለው 220 ቮልት አንድ ሜትር ከሃያ የሚረዝመውን ቀዝቃዛ ጋዝ ዝም ብሎ አይሻገርም። ሁለት እርዳታ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ጫፎቹ ቀድመው መሞቅ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ለአፍታ በጣም ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋል።

ማብሪያውን ስትነኩት ቮልቴጁ መጀመሪያ የሚያርፈው ስታርተሩ ላይ ነው። በስታርተሩ ውስጥ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ አለች። በውስጧ ጋዝና ሁለት የማይነካኩ ብረቶች አሉ። ጋዙ ሲበራ አንደኛው ብረት ይሞቅና ይታጠፋል፣ ሌላውን ይነካል። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በባላስቱ፣ በአንዱ ፊላመንት፣ በስታርተሩና በሌላው ፊላመንት አልፎ ይዞራል። ጫፎቹ የሚቀሉት ያኔ ነው።

ብረቶቹ ሲነካኩ የስታርተሩ ጋዝ ይጠፋል። ብረቱ ይቀዘቅዝና ይላቀቃል። ባላስቱ በብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ስለሆነ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በብዙ መቶ የሚቆጠር ቮልት ይረጫል። ይህ ምት በሞቁት ጫፎች መካከል ያለውን ጋዝ ያቀጣጥለዋል። መብራቱ ቦግ ይላል። አንዱ ምት ካልያዘለት ስታርተሩ ይደግመዋል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ መብራት በሽታ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። መብራቱ ከያዘ በኋላ በ36 ዋት አምፖል ጫፎች መካከል የሚቀረው ቮልቴጅ ወደ 100 ገደማ ብቻ ነው። ይህ ስታርተሩን አይቀሰቅሰውም። ሥራውን ጨርሷል፣ ይተኛል። ባላስቱ ግን መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ይሠራል፤ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ልክ እየያዘ። ባላስት ባይኖር አምፖሉ እየጨመረ ይስብና ወዲያው ይቃጠላል።

ስለዚህ በበራ ፍሎረሰንት ላይ ስታርተሩን ብትነቅሉት መብራቱ አይጠፋም። ይህን ያዙልኝ። ከዚህ በታች ያለው ምርመራ ግማሹ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከመንካት በፊት

አምፖል ለመንቀል፣ የቆርቆሮውን ቤት ለመክፈት ወይም ሽቦ ለመንካት ብሬከሩን አውርዱ። ግድግዳው ላይ ያለው ማጥፊያ አይበቃም። አንዳንድ ቤት ውስጥ ማጥፊያው በስህተት ኒውትራሉን ነው የሚቆርጠው። መብራቱ ጠፍቶም ፌዙ እዚያው ይጠብቃችኋል። ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ስታርተሩን ነቅሎ መሞከር የሚቻለው የፕላስቲክ አካል ካለው፣ ከውጭ በኩል የሚደረስበት ከሆነ፣ እጃችሁ ደረቅ ከሆነና የቆማችሁት ደረቅ የእንጨት ነገር ላይ ከሆነ ነው። የስታርተሩ ቀፎ ብረት ከሆነ ወይም ቀዳዳው የተሰበረ ከሆነ ተዉት፤ አጥፍታችሁ በአዲስ ቀይሩት።

ሌላም ነገር አለ። ብሬከሩ እንደወረደ አምፖሉን በመያዣው ውስጥ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አዙሩት። እግሮቹ ሲላሉ ወይም አቧራና ዝገት ሲይዛቸው የሚመጣው ችግር የተበላሸ አምፖል ይመስላል። ስታርተሩንም እንደዚሁ አውጥታችሁ መልሱት፣ በሰዓት አቅጣጫ እስኪይዝ አሽከርክሩት። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን አለመሞከር ሞኝነት ነው።

ጫፎቹ ቀልተው መሃሉ ጨለማ ሲሆን

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ማብሪያውን ትነካላችሁ፣ ሁለቱም ጫፎች እንደ ፍም ይቀላሉ፣ ከዚያ ምንም። አይበራም፣ ብልጭም አይልም። እንዲሁ ቀልቶ ይቀራል።

ጫፎቹ መቅላታቸው ብዙ ነገር ነግሯችኋል። ኤሌክትሪክ ደርሷል። ባላስቱ አልተቆረጠም። ሁለቱም ፊላመንቶች አልተበጠሱም። የጎደለው መላቀቁ ብቻ ነው። የስታርተሩ ብረቶች ተጣብቀዋል፣ ወይም በውስጡ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር ተበላሽታ መንገዱን ዘግታዋለች። በሁለቱም መንገድ ጥፋተኛው ስታርተሩ ነው።

ማረጋገጫው በእጃችሁ ነው። ጫፎቹ እንደቀሉ ስታርተሩን ንቀሉት። እጃችሁ የስታርተሩን የመላቀቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። መብራቱ ቦግ ካለ ስታርተር ብቻ ግዙ። አንዴ ሳይዝ ከቀረ መልሳችሁ አስገብታችሁ ድገሙት፤ ምቱ ሁልጊዜ እኩል አይሆንም። ደጋግማችሁ ሞክራችሁም ካልበራ ወይ አምፖሉ አርጅቷል፣ ወይ የቤቱ ቮልቴጅ ወርዷል።

ይህን ዓይነቱን መብራት "ነገ እናየዋለን" ብላችሁ አብርታችሁ አትተዉት። ጫፎቹ በቀሉ ቁጥር ቅባቱ እየተነነ ያልቃል። አዲስ አምፖል እንኳ ከሆነ በአጭር ጊዜ ጫፎቹ ይጠቁራሉ። በርካሹ ስታርተር የተነሳ ውዱ አምፖል ይሞታል።

ብልጭ ድርግም ማለቱን ሳያቆም ሲቀር

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብልጭ ድርግም ሲል ሁሉም ስታርተር ይገዛል። ስታርተሩ ብዙ ስለሚታይ ነው እንጂ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአምፖሉ ነው።

አምፖል ሲያረጅ ፊላመንቱ ላይ ያለው ቅባት ያልቃል። ያን ጊዜ መብራቱን ይዞ ለመቆየት ከበፊቱ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ይበራና ይጠፋል። ሲጠፋ ሙሉው ቮልቴጅ ስታርተሩ ላይ ይመለሳል። ስታርተሩም የታዘዘውን ይሠራል፣ እንደገና ያስነሳዋል። አምፖሉ ደግሞ ይጠፋል። እንዲህ እያሉ ያድራሉ።

መጀመሪያ ጫፎቹን እዩ። ከጫፉ ጀምሮ ጥቂት ሳንቲሜትር ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ከሆነ አምፖሉ ዕድሜውን ጨርሷል። ነጭና ንጹሕ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ስታርተሩ ይዞራል። ለማረጋገጥ መብራቱ ቦግ ባለባት ቅጽበት ስታርተሩን ንቀሉት። ከዚያ በኋላ ጸጥ ብሎ በርቶ ከቆየ አምፖሉ ደህና ነው፣ ያለ ጊዜው የሚነሳው ስታርተሩ ነበር። ስታርተሩ ወጥቶም አምፖሉ ከጠፋ ወይም እየተርገበገበ ከቀጠለ ጥፋቱ የራሱ የአምፖሉ ነው።

ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ ከሦስቱ ዕቃዎች ውጭ ነው። የቤቱ ቮልቴጅ። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ወደ 180 አካባቢና ከዚያ በታች ሲደርስ ደህናውም ፍሎረሰንት መነሳት ያቅተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ማታ የሚያስቸግረው መብራት ሌሊት ወይም በማለዳ ምንም ሳይል ይበራል። ወይም ምጣዱ ሲበራ ይርገበገባል፣ ሲጠፋ ይረጋጋል። እንዲህ ከሆነ ምንም አትግዙ። መልቲሜትር ያለው ሰው ችግሩ ባለበት ሰዓት ይለካው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ይጠብቃችኋል። ስታርተር ሁሉ አንድ አይደለም። በአካሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። "ኤስ 10" የሚባለው ከ4 እስከ 65 ዋት የሚል ሲሆን በ220 ቮልት ለብቻው ለሚሠራ አምፖል ነው። "ኤስ 2" የሚባለው ከ4 እስከ 22 ዋት የሚል ሲሆን በአንድ ባላስት ላይ ሁለት አጫጭር አምፖሎች ተከታትለው ሲታሰሩ የሚገባ ነው። ኤስ 2 በትንሽ ቮልቴጅ ይነሳል። 36 ዋት አምፖል ላይ ስታስገቡት ለበራው አምፖል በቀረው 100 ቮልት እንኳ ሊቀሰቀስ ይችላል። ያኔ አዲስ አምፖልና አዲስ ስታርተር ይዛችሁ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እናንተም ባላስቱን መጠርጠር ትጀምራላችሁ።

የአንድ ልብስ ሰፊ መብራት

ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ ከማሽኑ በላይ አንድ ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት አለው። መርገብገብ ጀመረ። ስታርተር ገዛ። ለጥቂት ቀን ደህና ሆነለት፣ ከዚያ ተመለሰበት። አዲሱ ስታርተር በርትቶ ስለሚመታ ያረጀውን አምፖል ትንሽ ገፋው እንጂ አላዳነውም። እሱም ክር መሰካት እስኪያቅተው ድረስ ከነመርገብገቡ ሠራበት።

በመጨረሻ አምፖሉን ቀየረ። አዲሱ አምፖል ግን ጭራሽ አልበራም። ጫፎቹ ቀልተው ቀሩ። ያን ጊዜ "ባላስቱ ነው፣ ሙሉውን ቀይረው" ያለው ሰው ነበር። ወጪው ሊያሳብደው ደረሰ።

ጫፎቹን ስናያቸው ነገሩ ግልጽ ነበር። ሁለቱም እኩል ቀልተዋል። ስለዚህ ባላስቱ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ነው፣ አምፖሉም አልተበጠሰም። ስታርተሩን ነቀልነው። መብራቱ ቦግ አለና በራ። የሆነው ይህ ነው፤ የድሮው አምፖል ለቀናት ሲርገበገብ ያ ስታርተር ያለ ዕረፍት ተዘጋ ተከፈተ። ብረቶቹ ተበልተው በመጨረሻ ተጣበቁ። አዲሱ አምፖል የመጣው ስታርተሩ ከሞተ በኋላ ነው።

ሌላ ስታርተር ገባ፣ አለቀ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሲርገበገብ የኖረ አምፖል ስትቀይሩ ስታርተሩንም አብራችሁ ቀይሩ። ሁለቱን በአንድ ላይ መግዛት ትክክል የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። የወጣው አምፖል ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ እንዳትሰብሩት። ከተሰበረ መስኮት ከፍታችሁ ለጥቂት ጊዜ ክፍሉን ልቀቁ፤ ስብርባሪውንም በእጅ ሳይሆን በካርቶን ሰብስቡት።

ምንም ሳይል ዝም ሲል

ጫፎቹ አይቀሉም፣ ብልጭታ የለም፣ ድምፅ የለም። እዚህ ላይ መንገዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ሌላው የቤቱ መብራት መሥራቱን ካያችሁ በኋላ አምፖሉን ወስዳችሁ በሚሠራ ሌላ ፍሎረሰንት ላይ ሞክሩት። ከዚህ የሚበልጥ ምርመራ የለም። እዚያ ከበራ ነጻ ነው። ካልበራ ሞቷል፤ ቢነጣም ንጹሕ ቢመስልም አትመኑት። አንዱ ፊላመንት ብቻ ቢበጠስ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ዝም ይላል፣ ጫፉ ሳይጠቁርም ሊሆን ይችላል። መልቲሜትር ካላችሁ በአንድ ጫፍ ባሉት ሁለት እግሮች መካከል ለኩ። ጥቂት ኦም ማሳየት አለበት። በሌላውም ጫፍ እንዲሁ። አንዱ ጫፍ ምንም ካላሳየ ጨርሷል። ገልብጦ ማስገባት አያድነውም።

አምፖሉ ደህና ከሆነ የሚሠራ ስታርተር ከሌላው ተውሳችሁ ሞክሩ። ሁለቱም ደህና ሆነው መብራቱ ዝም ካለ ነው ወደ ባላስቱና ወደ ሽቦው የሚኬደው።

የቢሮ ጣሪያ ላይ ሁለት አምፖሎች ሁልጊዜ አብረው የሚጠፉ ከሆነ አትደንግጡ። እነዚያ ባለ 18 ዋት አጫጭር አምፖሎች ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ባላስት ይታሰራሉ። አንዱ ሲሞት ሌላውን ይዞ ይጠፋል። አንዱን ብቻ ቀይሩና እዩ፤ ካልሆነ ሌላውን። ስታርተሮቹም እዚህ ኤስ 2 ናቸው። እዚህ ኤስ 10 ብታስገቡ እያንዳንዱ የሚደርሰው የቮልቴጁ ግማሽ ስለሆነ ላይነሳ ይችላል።

ባላስቱ በእውነት ሲበላሽ

ባላስት ብዙ ይወቀሳል፣ ግን ከሦስቱ ዕድሜው የሚረዝመው እሱ ነው። እዝዝዝ ማለቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ብሎኑ ሲላላ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ብሬከሩን አውርዶ ብሎኑን ማጥበቅ ይበቃል። የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነገር ከወጣው ወይም በላዩ ያለው ቀለም ከተላጠ ግን ሌላ ነው።

ሁለት ዓይነት አሟሟት አለው። አንደኛው ሽቦው መበጠሱ ነው። ያን ጊዜ መብራቱ ዝም ይላል። ብሬከሩ ወርዶ፣ ሽቦው ተላቆ ሲለካ ደህና የ36 ዋት ባላስት በአሥር ቤት የሚቆጠር ኦም ያሳያል። የተበጠሰ ምንም አያሳይም።

ሁለተኛው አደገኛው ነው። በውስጡ ያለው ሽቦ መሸፈኛው ተቃጥሎ እርስ በርሱ ሲነካካ ባላስቱ ኤሌክትሪኩን መያዝ ያቅተዋል። አምፖሉ ከልክ በላይ ያበራል፣ አዲስ ሆኖ ጫፎቹ በቀናት ይጠቁራሉ፣ ወይም ገና እንደገባ አንዴ በኃይል ቦግ ብሎ ይሞታል። ይህን ካያችሁ ሁለተኛ አዲስ አምፖል አታስገቡ። እሱንም ይበላዋል። አጥፍታችሁ ባላስቱን አስቀይሩ። አዲሱ ባላስት ላይ የተጻፈው ዋት ከአምፖሉ ጋር እኩል መሆን አለበት። 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ማለቱንም ተመልከቱ።

አዲስ አምፖል ቶሎ ሲጠቁር ግን ባላስት ብቻ አይደለም የሚጠረጠረው። የተጣበቀ ስታርተርም እንደዚያ ያደርጋል። እንደ መታጠቢያ ቤት በቀን ብዙ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ቦታ ላይም አምፖሉ ቶሎ ያረጃል። እያንዳንዱ ማብራት ከቅባቱ ትንሽ ይወስዳል።

ስታርተር የሌለው መብራት ኤሌክትሮኒክ ባላስት አለው። ቀላል ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ወዲያው ይበራል። ምርመራውም ያጥራል። በሚሠራ አምፖል ሞክሩ፤ ካልበራ ኤሌክትሪኩ መድረሱ ይታይ፣ ከደረሰ ጥፋቱ የባላስቱ ነው።

የብረት ባላስት ሲሞት እኔ ሌላ ባላስት አልገዛም። በኤልኢዲ አምፖል መተካት ይሻላል። ባላስቱ ደህና ሆኖ ሳለ ኤልኢዲ የምታስገቡ ከሆነ ከኤልኢዲው ጋር የሚመጣውን የራሱን ስታርተር ማስገባት ይበቃል፤ የድሮውን ስታርተር እዚያ አትተዉት። ባላስቱ ከወጣ ግን የሽቦው አሠራር ይቀየራል። አንዳንዱ ኤልኢዲ ፌዝና ኒውትራሉን በአንድ ጫፍ ይቀበላል፣ አንዳንዱ በሁለት ጫፍ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል የሚከተል ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ሲጨርስ የመብራቱ ቆርቆሮ ቤት ላይ "ባላስት የለውም፣ ኤልኢዲ ብቻ" ብሎ ይጻፍበት። ካልተጻፈ ከዓመት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ የድሮውን ፍሎረሰንት እዚያው ይሰካዋል።